የመጀመሪያው ሪሳይታል፦ ጣት ለምን ይበርዳል፣ ትውስታስ የት ላይ ይሰበራል?

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰዎች ነው። አንዷ በቅርቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሪሳይታል ላይ፣ ማለትም ሰው ሊያዳምጥ በተሰበሰበበት ዝግጅት ላይ፣ ፒያኖ የምትጫወት ልጅ ናት። ሌላው አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከእሷ ባልተናነሰ የሚጨነቀው ወላጅ ነው። ልጅቷን «አንቺ»፣ ወላጁን «እርስዎ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የሚጫወተው ወንድ ልጅ ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

ነገሩ በጭፍኑ እንዳይሆን አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ፦ ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያ ሪሳይታላቸው የሚጫወቱትን በሶል ሜጀር የተጻፈውን ሚኑዌት የሚባል የዳንስ ሙዚቃ። የተገኘው የባኽ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1725 ከጀመረው የባኽ ሚስት የአና ማግዳሌና የሙዚቃ ደብተር ውስጥ ነው። ለረጅም ዘመን የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ሥራ ነው ሲባል ኖሮ በኋላ የክርስቲያን ፔትሶልድ መሆኑ ታወቀ። 32 ባር፣ ማለትም ሦስት ሦስት ምት የያዙ 32 ክፍልፋዮች፣ አሉት። ሁለት ግማሽ ሲሆን እያንዳንዱ ግማሽ ሁለት ጊዜ ይጫወታል። ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን፣ በደቂቃ 112 ምት ላይ አድርገሽ ብትጫወቺው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አጭር በመሆኑ ቀላል ይመስላል። ለፍርሃት ግን አጭር ሥራ ከረጅሙ የሚከብድበት ምክንያት አለ።

ሰውነትሽ ምን እያደረገ ነው?

ተራሽ ሲደርስ ከኩላሊትሽ በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደምሽ ይለቃሉ። ልብሽ ይፈጥናል፣ ትንፋሽሽ ያጥራል። በቆዳሽ ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች፣ በተለይ የእጅና የእግር ጣቶችሽ ላይ ያሉት፣ ይጠባሉ። ደሙ ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ስለሚያደላ ጣቶችሽ ይበርዳሉ። መዳፍሽ ያልበዋል፣ ጉልበትሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድሽም ሥራውን ስለሚያቋርጥ ይገለባበጣል። ይህ ሁሉ ለሩጫ ወይም ለግብግብ የተሠራ ዝግጅት ነው። ችግሩ አንቺ የምትፈልጊው የጣት ጫፍ ሥራ መሆኑ ላይ ነው።

ይህ ማዕበል የሚበረታው ከመጀመርሽ ጥቂት ቀደም ብሎና በመጀመሪያዎቹ ባሮች ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ እየረገበ ይሄዳል። ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሶናታ የያዘ ሰው መሃል ላይ ሲደርስ ይረጋጋል። አንቺ ግን ሚኑዌቱን የምትጨርሺው ማዕበሉ ሳይረግብ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ከዚያ በደንብ እጫወታለሁ» የሚለው ሐሳብ አይሠራም። የሚያዋጣው ልብ እየመታ፣ ጣት ቀዝቅዞ እያለ የሚያስኬድ ዝግጅት ነው።

የችሎታ ጉዳይ እንዳይመስልሽ ቭላዲሚር ሆሮዊትዝን ልጥቀስልሽ። በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ፒያኒስቶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1965 ድረስ ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት ሕዝብ ፊት አልተጫወተም። ግንቦት 1965 ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ሲመለስ በመጀመሪያው ሥራ መክፈቻ ላይ የተሳሳቱ ኖታዎች መታ። ሳያቆም ቀጠለ፣ ያ ምሽትም እስከ ዛሬ ከታላላቆቹ የፒያኖ ምሽቶች ጋር ይነሳል። እሱን ያተረፈው ተሳስቶም መቀጠሉ ነው። መቀጠል ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው።

ትውስታ የሚሰበርበት ቦታ

ጀማሪዎች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት መሃል ላይ ሁሉም ነገር ጥፍት ማለቱን ነው። ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም አስቀድሞ የሚታወቅ ቦታ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

ሚኑዌቱን ደጋግመሽ ስትለማመጂ እያንዳንዱ የጣት እንቅስቃሴ የሚቀጥለውን እየጠራ የሚሄድ ሰንሰለት ይሆናል። ቤት ውስጥ ሌላ ነገር እያሰብሽ እንኳ የምትጫወቺው በዚህ የጣት ትውስታ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት ድክመቶች አሉት። ከመሃል መነሳት አያውቅም፤ ሲመለከቱትም ይደናቀፋል። ደረጃ እየወረድሽ እያንዳንዱን እግርሽን በሐሳብሽ ለመቆጣጠር ብትሞክሪ የሚያጋጥምሽ ዓይነት መሰናከል ነው። ፍርሃት ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዓይንሽን ወደ ራስሽ ጣት ይመልሰዋል። «አሁን የቱ ጣት ነበር?» ብለሽ የጠየቅሽበት ቅጽበት ሰንሰለቱ የሚላቀቅበት ቅጽበት ነው።

የሚላቀቀው ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም። ኖታሽን ዘርጊና የቀኝ እጁን ዜማ እይ። ከ1ኛው እስከ 6ኛው ባር ያለው ዜማ ከ9ኛው እስከ 14ኛው ድረስ እንዳለ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ይለያያሉ። 7ኛው ባር ከፋ ሻርፕ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣና 8ኛው ላይ ላ ላይ ያርፋል፤ ገና እንዳላለቀ ይሰማሻል። 15ኛው ባር ግን ከላ ይነሳና ወርዶ 16ኛው ላይ ሶል ላይ ይዘጋል። ለጣትሽ ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ቦታ የሚነሱ ናቸው፣ ምክንያቱም 6ኛውና 14ኛው ባር አንድ ዓይነት ናቸው። ይህ መገንጠያ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ስለሚደገም በዚያ መገንጠያ አራት ጊዜ ታልፊያለሽ። 7ኛው ቦታ ላይ የ15ኛውን ከወሰድሽ ስምንት ባር ቀድመሽ ትዘጊያለሽ። 15ኛው ቦታ ላይ የ7ኛውን ከወሰድሽ ደግሞ ወደ ኋላ ትመለሺና መዞር ትጀምሪያለሽ። ይህን ያላወቀች ልጅ «ጠፋብኝ» ትላለች። ያወቀች ልጅ የት እንደሆነች ታውቃለች።

ስለዚህ መገንጠያውን በጣት ብቻ ሳይሆን በቃልም እወቂው። ከፒያኖው ርቀሽ፣ ምግብ እየበላሽ ወይም ታክሲ ውስጥ፣ «ሰባት፦ ከፋ ሻርፕ ወደ ላ። አሥራ አምስት፦ ከላ ወደ ሶል» ማለት እስኪቀልሽ ድረስ በይው። ከዚያ ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ብቻ ለይተሽ ተለማመጂ፦ 6፣ 7፣ 8 እና 14፣ 15፣ 16። ሙዚቃ የማያውቅ ወላጅም እዚህ ላይ ይረዳል። ከኋላ ቁጭ ብሎ እንዳሻው «ሰባት!» ወይም «አሥራ አምስት!» ይበል፣ አንቺ የተባለውን ተጫወቺ። ግራ እጅሽንም አትርሺው። ቀኙ በ1ኛውና በ9ኛው ባር አንድ ሲሆን ግራው ግን ይለያያል። ልዩነቱን በእርሳስ አክብበሽ ግራውን ለብቻው በቃልሽ ተጫወቺ። ቀኝ እጅ ሲጠፋ የት እንዳለሽ የሚነግርሽ ብዙ ጊዜ ግራው ነው።

ቀጥሎ መነሻ ቦታዎች አብጂ። ይህ ሚኑዌት በስምንት ስምንት ባር የተሠራ ስለሆነ አራት መነሻ ይበቃል፦ 1፣ 9፣ 17 እና 25። ኖታው ላይ በቀለም እርሳስ አመልክቺያቸው። ፈተናው ይህ ነው፤ ወላጅሽ «አሥራ ሰባት» ሲል በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ከዚያ መጀመር አለብሽ፣ ኖታ ሳታይ፣ ከፊቱ ያለውን ሳታንጎራጉሪ። 17 እና 25 መጀመሪያ ላይ እንቢ ይሉሻል፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ሁልጊዜ የደረስሽባቸው ከፊት እየመጣሽ ነው።

መነሻዎቹ ሲጸኑ መውደቅን ተለማመጂ። ሥራውን እየተጫወትሽ ሳለ ወላጅሽ ባልጠበቅሽው ቦታ ያጨብጭብ። እጅሽን አንሺ፣ ምቱን በውስጥሽ ሳታቋርጪ ወደሚቀጥለው መነሻ ዝለዪ። 11ኛው ባር ላይ ከተጨበጨበ ወደ 17፣ 20ኛው ላይ ከሆነ ወደ 25። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ወደ ፊት፣ ፈጽሞ ወደ ኋላ አይደለም። የጠፋበት ሰው በደመ ነፍስ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይፈልጋል። ከተመለስሽ ግን ያንኑ መገንጠያ ከበፊቱ በባሰ ድንጋጤ ታገኚዋለሽ። ወደ ፊት ከዘለልሽ አድማጩ አንድ ሁለት ምት እንደተዘለለ እንጂ ሌላ አይሰማም፤ ሚኑዌቱን የማያውቅ ሰው ያንንም ላያስተውል ይችላል።

በእርግጥ ማወቅሽን የምታረጋግጪበት ሌላው መንገድ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ ነው። ሜትሮኖሙን ከ112 ወደ 56 አውርጂና በቃልሽ ተጫወቺ። የጣት ሰንሰለት በዚህ ፍጥነት አይሠራም፣ ስለዚህ ጭንቅላትሽ ያላወቀው ቦታ ሁሉ ይጋለጣል። የተደናቀፍሽበት ባር መድረክ ላይም የሚያሰጋሽ ባር ነው። ከሪሳይታሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መታየቱ ጥሩ ነው።

በቃል መጫወት የግድ ነው ወይ የሚለውንም መምህርሽን ጠይቂ። ልማዱ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነ ክላራ ሹማንና ፍራንዝ ሊስት የተባሉት ፒያኒስቶች ካስለመዱት በኋላ ነው። ታላቁ ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪኽተር በመጨረሻ ዓመታቱ ኖታውን ዘርግቶ ነበር የሚጫወተው። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ልጅ ኖታውን ፊቱ ቢያደርግ ምንም ነውር የለበትም። ግን ውሳኔው ቀደም ብሎ ይሁን። በቃልሽ ብቻ ስትለማመጂ ከርመሽ በዕለቱ ኖታ ብትዘረጊ ዓይንሽ ከወረቀቱ ላይ ቦታውን አያገኘውም፣ ያም ራሱ ያደናብራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ

ፍርሃትን የምትለማመጂው ትንሽ ትንሽ ፍርሃት በመቅመስ ነው። ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ አንድ ጊዜ ተጫወቺላቸው። ከበሩ ገብተሽ፣ እጅ ነስተሽ፣ ወንበሩን አስተካክለሽ፣ ተጫውተሽ፣ ተነስተሽ እጅ ነስተሽ ውጪ። ብትሳሳቺም ድጋሚ የለም። ድጋሚ የሚፈቀድበት ልምምድ ለመድረክ አያዘጋጅም። ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ ደረጃ እየሮጥሽ ወጥተሽ ውረጂ፣ ወይም ገመድ ዝለዪ፣ ልብሽ እየመታ ወዲያው ቁጭ ብለሽ ተጫወቺ። ሰውነትሽ በዚያ ሁኔታም ጣትሽ እንደሚታዘዝ በተግባር ያየዋል።

ቤትሽ ያለው ኪቦርድ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለብሽ። የፒያኖ ቁልፍ ከብዙ ኪቦርዶች ይከብዳል፣ ድምፁም እንደ አመታትሽ ጉልበት ይለያያል። በለስላሳ ቁልፍ የለመደ ጣት መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ኖታ ሳያሰማ ያልፋል፣ ይህን ያላወቀች ልጅም «ፈርቼ ነው» ብላ ትደነግጣለች። ስለዚህ ከሪሳይታሉ በፊት በአዳራሹ ፒያኖ ላይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንድትነኪ መምህርሽን ለምኚ። እዚያ ስትደርሺ ሚኑዌቱን ከዳር እስከ ዳር አትጫወቺ። አራቱን መነሻዎች ሞክሪ፣ በጣም በቀስታ ስትመቺ ድምፁ የት ላይ እንደሚጠፋ እወቂ፣ ክርንሽ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን የወንበሩን ከፍታ አስተካክዪና አስታውሺው።

አተነፋፈሱንም ከአሁኑ ጀምሪ። በአፍንጫሽ አራት እስኪቆጠር አስገቢ፣ ስድስት እስኪቆጠር ቀስ ብለሽ አስወጪ። አየር በሚወጣበት ጊዜ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ስለሚል ማስወጫው መርዘም አለበት። በየቀኑ ማታ አምስት ደቂቃ አድርጊው፤ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር አተነፋፈስ ብዙም አይረዳም። «በኃይል ተንፍሺ» የሚልሽን ደግሞ አትስሚ። ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከመጠን በላይ ያስወጣል፣ ያኔ ጭንቅላት ይዞራል፣ ጣቶችም ይነዝራሉ። ጣቶችሽ ሲነዝሩሽ ትንፋሽሽ እንደፈጠነ እወቂ።

ዕለቱ

ቡናና የኃይል መጠጥ ይቅርብሽ፣ የጣት መንቀጥቀጥን ያባብሳሉ። ከመጫወትሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብለሽ ቀለል ያለ ነገር ብዪ። ጠዋት ሚኑዌቱን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ መገንጠያውን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ክዳኑን ዝጊ። በመጨረሻው ቀን ደጋግሞ መጫወት የሚጨምረው ጥርጣሬን ነው።

ለቅዝቃዜው ሞቅ ያለ ውኃ ፍቱን ነው። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ከመጫወቱ በፊት እጁን በሙቅ ውኃ የመንከር ልማድ ነበረው። አዳራሹ ውስጥ ውኃ ካልተገኘ ጓንት ወይም እጅሽን የምትከቺበት ጋቢ ይበቃል። ለላቡ ደግሞ መሐረብ ያዢ፤ ቁጭ ስትዪ እጅሽንም ቁልፎቹንም ጠረግ ብታደርጊ ማንም አይታዘብሽም።

ተራሽን ስትጠብቂ «አልፈራሁም» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትከራከሪ፤ ልብሽ እየመታ ስለሆነ አታምኚውም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ በትክክል ዘፍነዋል። ጉጉትና ፍርሃት ለሰውነት ተቀራራቢ ናቸው፤ ልብ በሁለቱም ይፈጥናል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከፍርሃት ወደ እርጋታ ከመዝለል ይቀላል።

ቁጭ ካልሽ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው። አድሬናሊን የውስጥ ሰዓትሽን ያፈጥነዋል፤ ለአንቺ የተለመደ የሚመስልሽ ፍጥነት ለአድማጭ ሩጫ ነው። ፍጥነትሽን ከመክፈቻው አትውሰጂ፣ ቀላል ስለሆነ ያታልልሻል። 5ኛውንና 6ኛውን ባር በልብሽ አንጎራጉሪ፤ እነዚያ ጥርት ብለው የሚሰሙበት ፍጥነት ትክክለኛው ፍጥነትሽ ነው። ከዚያ ሁለት ባር «አንድ ሁለት ሦስት» ብለሽ በውስጥሽ ቁጠሪ፣ ትንፋሽሽን አስወጪ፣ ጀምሪ። እየተጫወትሽ ሳለ ጆሮሽን ግራ እጁ ላይ ጣይው። ሐሳብሽ ድምፁን ሲከተል ጣትሽን ለመቆጣጠር ጊዜ አያገኝም። እግርሽ ቢንቀጠቀጥ ተዪው፣ ይህ ሚኑዌት ፔዳል አይፈልግም።

ለወላጅ

እርስዎ ብዙ መሥራት የሚችሉት አስቀድመው ነው፤ ቁጥር እየጠሩና እያጨበጨቡ። በዕለቱ ግን ሥራዎ መቀነስ ነው። ማን እንደሚጋበዝ ልጅዎን ጠይቀው ይወስኑ። አክስት፣ አጎትና ጎረቤት ሁሉ ሳይነገራት ፊት ለፊት ተደርድረው ብታይ ሸክሙ ይከብዳታል። የክፍያውን ነገር፣ የሌላውን ልጅ ችሎታ፣ «እንዳታሳፍሪን» የሚለውን በዚያ ሳምንት አያንሱት። ቀረጻ ካስፈለገ ከኋላ ወይም ከጎን ሆነው ይቅረጹ፤ ከፊቷ የተደቀነ ስልክ ስህተቷ ለዘላለም እንደሚቀር ያስታውሳታል። ከመድረኩ በፊት «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ከማለት ይልቅ ሥራ ይስጧት፦ «መነሻዎችሽ እነማን ናቸው?» ይበሏት። «አንድ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሰባት፣ ሃያ አምስት» ስትል አእምሮዋ ወደሚያውቀው ነገር ይመለሳል።

ስትጨርስ መጀመሪያ ስለ ስህተቱ አያንሱ፤ እርስዎ ከሚያውቁት በላይ እሷ ታውቀዋለች። ዜማው ውስጥ የወደዱትን አንድ ቦታ ለይተው ይንገሯት። በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ፣ ራሷ ስታነሳው፣ የትኛው ባር እንደነበርና ከዚያ እንዴት እንደተነሳች ይጠይቋት። መገንጠያው ላይ ጠፍቶባት ወደ 17 ዘልላ ከቀጠለች የሁለት ሳምንቱ ልምምድ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ስለ መድኃኒት የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። አንዳንድ ትልልቅ ሙዚቀኞች ከመድረክ በፊት ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምትን የሚያዘገይ ኪኒን ይወስዳሉ። አድሬናሊን ልብና ጡንቻ ላይ የሚያደርሰውን ስለሚገታ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል። አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል። ለታዳጊ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይስጡ፤ ከዘመድ የተረፈ ኪኒንም ቢሆን። ለሁለት ደቂቃ ሚኑዌትም አያስፈልግም።

ፍርሃቱ ግን ከሪሳይታሉ ካለፈ፣ ማለትም ልጅዎ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ቀኑ በተነሳ ቁጥር ካስመለሳት፣ ፒያኖውን መንካት ከተወች ወይም ትምህርት ቤትም ሰው ፊት መናገር ካቃታት ጉዳዩ የልምምድ አይደለም። ያኔ ሪሳይታሉን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉትና በልጆች ጭንቀት ላይ የሚሠራ ባለሙያ ያማክሩ። መምህሯንም አብረው ያነጋግሩ። ቀጣዩ መድረክ ሦስት አራት ሰው ብቻ ያለበት የመምህሯ ክፍል እንዲሆን ማመቻቸት ይቻላል።